«ነገ 3 ሰዓት»፦ በአዲስ አበባ፣ በበርሊንና በሜሪላንድ የተበተነ የአንድ ቡድን የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ይህ ጽሑፍ ከጥቅምት 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እኔ ራሴ በመራሁት የዘጠኝ ሰዎች የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የሆነውን ይተርካል። የሰዎቹንም የድርጅቶቹንም ስም አልጠቅስም።

ቡድኑ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ለሚገኙ ጥቂት ክሊኒኮች የታካሚ ቀጠሮ መመዝገቢያ ሲስተም ይሠራል። አምስታችን አዲስ አበባ ነን፤ አንድ ልጅ ባሕር ዳር፣ አንዱ በርሊን፣ ሁለቱ ደግሞ ሜሪላንድ ይኖራሉ። ከሜሪላንዶቹ አንደኛው ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩ፣ አገር ከለቀቁ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ ስለሆነ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ፊደል ግን አታነብም። ይህን የጠቀስኩት ኋላ ላይ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ስለሆነብን ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትለውጥም። ሜሪላንድና በርሊን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ። በብርዱ ወራት ሜሪላንድ ከእኛ በ8 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የበርሊን ልዩነት 2 ወይም 1 ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት የክሊኒኮቹ ሌሊት በመሆኑ ለጥገና ሥራ ይመቻል፤ ማንም ታካሚ ሳይነቃ ዳታቤዙን ከፍተን መሥራት እንችላለን። ደንበኛችንም የመረጠን በከፊል ለዚህ ነበር።

እስከ ኅዳር 2016 ድረስ የተጻፈ ደንብ አልነበረንም። ሥራው የሚካሄደው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በምናደርገው፣ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ስብሰባ ነበር። ስብሰባው አንዳንድ ቀን 10 ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ የሚወሰነው ማን መቼ እንደሚገኝ እየታየ ነው። ከዚያ ውጭ ማታ ማታ ድንገተኛ ስልክ ይደወላል። እንደ ምንም ይሄድ ነበር ማለት እችላለሁ።

ረቡዕ ኅዳር 5

በዚያ ሳምንት የያዝነው ሥራ፣ ዳታቤዙ ውስጥ በሜሪላንድ ሰዓት ተመዝግበው የነበሩትን ቀጠሮዎች ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ፣ መቀየር ነበር። የሰዓት ስህተትን ለማጥፋት የተያዘ ሥራ በሰዓት ስህተት መበላሸቱ እስካሁን ይቀለድብኛል።

ሲስተሙ ሌሊት ሌሊት፣ በሜሪላንድ 02:00 ላይ፣ በማግስቱ ቀጠሮ ላላቸው ታካሚዎች የሚላከውን የማስታወሻ መልእክት ያዘጋጃል። መልእክቱ የሚላከው ጠዋት 08:00 ላይ ነው። ስለዚህ ቅየራው ከመጀመሩ በፊት ይህ የማስታወሻ ፕሮግራም መቆም ነበረበት። የማቆም ሥልጣኑ የጋሼ ነው።

ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ ይህን ጻፍኩ፦ «ነገ 3 ሰዓት እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ማስታወሻውን ያቁሙልን።» ጋሼ «እሺ» ብለው መለሱ። ሌላ ሰው ምንም አላለም።

እኔ ያልኩት የአዲስ አበባን ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ማለትም 09:00፣ ለእሳቸው ደግሞ ከሌሊቱ 01:00። እሳቸው የገባቸው በእሳቸው አገር 03:00 ነው። የጥገና ሥራ ሁልጊዜ በእነሱ ሌሊት ስለሚሆን አነባበባቸው ፍጹም ትክክል ነበር። 02:30 ላይ ለመነሣት ሰዓታቸውን ሞልተው ተኙ።

እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀመርን። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ገና ቅየራው ሳያልቅ፣ የማስታወሻ ፕሮግራሙ በተለመደው ሰዓቱ ተነሥቶ የተቀየሩትንም ያልተቀየሩትንም ቀጠሮዎች አነበበ። የተቀየሩትን እንደ ሜሪላንድ ሰዓት ስለቆጠራቸው እያንዳንዱ በ5 ሰዓት ወደፊት ተገፋ። የጠዋት 9:30 ቀጠሮ ያላት ሴት «ቀጠሮዎ ከቀኑ 2:30 ነው» የሚል መልእክት ተዘጋጀላት።

ጋሼ 02:30 ሲነሡ ሥራው መጀመሩን አዩ። ግሩፑ ውስጥ የጻፉት ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ሰላም ናችሁ?» ሦስታችን ስክሪን ላይ ተተክለን የቅየራውን ሂደት እየተከታተልን ነበር፤ ሰላምታውን አይተን «በኋላ እንመልሳለን» ብለን አለፍነው። እሳቸውም መልስ ሲያጡ ሁሉም ደህና ነው ብለው ተመልሰው ተኙ። 08:00 ላይ ለ186 ሰዎች የተሳሳተ ሰዓት ተላከ።

የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባዮች ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲደውሉ ዋሉ። እንዲያም ሆኖ 14 ታካሚዎች ቀጠሯቸው አለፋቸው። ለደንበኛው ይቅርታ ጠየቅን፣ የወሩን የጥገና ክፍያ ግማሽ ቀነስን።

የት ላይ እንደተሳሳትን ስንፈትሽ

የመጀመሪያ ሐሳቤ «ጋሼ መጠየቅ ነበረባቸው» የሚል ነበር። ሁለተኛው «እኛ ሰላምታውን መመለስ ነበረብን» የሚል ሆነ። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ግን አይጠቅሙም፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንትም የሰው ጠባይ ያው ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። ያንኑ የማክሰኞ መልእክት ለዘጠኛችንም ለየብቻ አሳይቼ «ይህ በአንተ ከተማ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያለነው ስድስታችን 09:00 አልን። ጋሼና የበርሊኑ ልጅ በሜሪላንድ 03:00 አሉ፤ የበርሊኑ ልጅ በራሱ 09:00 ላይ ሊከታተል ተዘጋጅቶ ነበር። ሜሪላንድ ያደገችው ልጅ ደግሞ፣ መልእክቱን በስልኳ ድምፅ አስነብባ፣ ከሰዓት በኋላ 3:00 መስሏት ነበር። አንድ መልእክት፣ ሦስት ሰዓት።

ከአዲስ አበባዎቹ አንደኛው የነገረኝ ይበልጥ አስደነገጠኝ። «ጋሼ የእኛን 3 ሰዓት ይሆን የያዙት ብዬ ተጠራጥሬ ነበር» አለኝ። ለምን አልጠየቅህም ስለው፣ «እሺ ካሉ በኋላ ትልቅ ሰውን እንዴት ገባዎት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ?» አለ። ይሉኝታው አንድ ቢሮ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ባልጎዳን ነበር፤ ፊታቸውን ያይ ነበር፣ ቡና ላይ ወሬ አስመስሎ ያነሣው ነበር። ጽሑፍ ላይ ግን ፊት የለም።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ የሁለት ሳምንት የግሩፕ መልእክት አነበብኩ። መልስ የሚፈልጉ 40 ጥያቄዎች አገኘሁ። 23ቱ መልስ ያገኙት ከአንድ ሙሉ ቀን በኋላ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የዘገዩት ጥያቄው ከባድ ስለሆነ አልነበረም። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ አንዱ ከአዲስ አበባ ጠዋት «ሰላም፣ እንዴት ነህ?» ይላል። ሜሪላንድ ያለው ከ7 ሰዓት በኋላ ነቅቶ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» ይላል። አዲስ አበባ ያለው በዚያን ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ጥያቄው የሚጻፈው በማግስቱ፣ መልሱ የሚመጣው በማግስቱ ማታ። ሰላምታ ብቻ ሁለት ቀን በላ።

የጻፍናቸው ደንቦች

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ብቻ የሚሆን ደንብ አወጣን። ረጅም ሰነድ እንደማይነበብ ከዚህ በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ሰዓት ነው። በጽሑፍ ብቻውን የቆመ «3 ሰዓት» አይፈቀድም። ሰዓት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ከከተማ ስም ጋር ነው፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ለምሳሌ «ረቡዕ መጋቢት 4፣ 13 ማርች፣ 09:00 አዲስ አበባ»። በአፍ ስንነጋገር እንደ ልማዳችን «ጠዋት 3 ሰዓት» ማለት እንቀጥላለን፤ ያንን ለመለወጥ መሞከር ከንቱ ነው። 24 ሰዓቱን የመረጥነው ከልማዳዊው አቆጣጠር ጋር ስለማይምታታ ነው። 15:00 የሚልን ጽሑፍ ማንም ኢትዮጵያዊ በራሱ ሰዓት አያነበውም። 09:00 ግን አሁንም ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ ዜሮዋና ሁለቱ ነጥቦች ግዴታ ሆኑ፣ «9 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ቀረ።

ሌሊትን በተመለከተ ሌላ ጉድጓድ አለ። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለው ሌላው ዓለም ረቡዕ 02:00 የሚለውን ነው፤ ቀኑ ለእኛ የሚቀየረው ሲነጋ ነውና። ባሕር ዳር ያለው ልጅ «ለረቡዕ አጥቢያ ብለን እንጻፍ» ብሎ ነበር። ቆንጆ አማርኛ ነው፣ በአማርኛ ለምንጽፈው ነገር ተቀበልነው፤ ጎኑ ላይ ግን ቀኑና 02:00 መኖር አለባቸው።

ሁለተኛው ደንብ ሰላምታን ይመለከታል። ሰላምታው የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ የቤተሰብም ይጠየቅ፤ ጉዳዩ ግን እዚያው መልእክት ውስጥ መኖር አለበት። መጀመሪያ «ሰላምታ ይቅር» የሚል ረቂቅ አቅርቤ ነበር። ጋሼ ተቃወሙ፣ እውነታቸውንም ነበር። ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ለብዙዎቻችን ቁጣ ይመስላል፤ ቁጣ የመሰለ መልእክት ደግሞ መልሱን ያዘገየዋል።

ሦስተኛው «እሺ»ን ይመለከታል። እሺ ማለት ሰማሁ ነው? ተስማማሁ ነው? እሠራዋለሁ ነው? በአካል ሲሆን ከድምፁ እንለያለን። በጽሑፍ ሦስቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ሥራ የተሰጠው ሰው የተረዳውን በራሱ ቃልና በራሱ ከተማ ሰዓት መልሶ እንዲጽፍ ተስማማን፦ «እሺ፣ ማስታወሻውን ረቡዕ 00:30 ሜሪላንድ አቆማለሁ፤ ሲቆም እጽፋለሁ።» ወጣቶቹ ይህን ከታላቅ ሰው መጠየቅ ከብዷቸው ነበር። የፈቱት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። «እኔን መጠየቅ ካሳፈራችሁ ሳልጠየቅ እጽፋለሁ» አሉ፤ እንዳሉትም አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ለመጻፍ ሰበብ አጣ።

የርክክብ ማስታወሻ

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የእኛ ቀን ሲያልቅ የሜሪላንድ ቀን ይጀምራል። ያለ ሥርዓት ሲሆን ይህ ማለት ሁለቱም ወገን የቀኑን ግማሽ ሌላው ምን እንደሠራ በመገመት ያሳልፋል ማለት ነው። እንደ ሆስፒታል ተረኞች ወይም እንደ ገንዘብ ቤት ሠራተኞች ርክክብ እንድናደርግ ወሰንን። ያልተጨረሰ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት፣ በራሱ ከተማ እስከ 17:30 ድረስ፣ አምስት መስመር ይጽፋል። ከአንድ ባልደረባዬ ማስታወሻ አንዱን እነሆ፦

> ርክክብ፣ ማክሰኞ የካቲት 26፣ 5 ማርች፣ 17:30 አዲስ አበባ
>
> የደረስኩበት፦ የቀጠሮ መሰረዣው ገጽ አልቋል። ነገር ግን አንድ ታካሚ በአንድ ቀን ሁለት ቀጠሮ ካለው አንዱን ሲሰርዝ ሁለቱም ይሰረዛሉ።
>
> የያዘኝ፦ ክሊኒኩ እንዲህ እንዲሆን ይፈልጋል ወይስ ስህተት ነው?
>
> ከማን ምን፦ ሜሪላንድ ያላችሁ እንግዳ ተቀባዮቹን ጠይቁልኝ፤ እስከ ማክሰኞ 17:00 ሜሪላንድ።
>
> ካልሰማሁ፦ ረቡዕ 09:00 አዲስ አበባ ላይ አንዱ ብቻ እንዲሰረዝ አድርጌ እቀጥላለሁ። ስህተት ቢሆን ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።
>
> አትንኩ፦ የሙከራ ሰርቨሩን፤ ሁለት ቀጠሮ ያላቸው የሙከራ ታካሚዎች እዚያ አሉ።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ቀነ ገደቡ የተጻፈው በተቀባዩ ከተማ ሰዓት ነው። ሒሳቡን የሚሠራው ጠያቂው እንጂ የሚጠየቀው አይደለም። ሁለተኛ፣ «ካልሰማሁ» የምትለው መስመር። መጀመሪያ ላይ አልነበረችም፤ ማስታወሻዎቹ ጥሩ ሆነው ሥራው አሁንም እየቆመ ስላየን በጥር ጨመርናት። መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝም ሲባል እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። አሁን ዝምታው ራሱ ውሳኔ አለው፣ የስህተቱም ዋጋ አብሮ ተጽፏል። ዋጋው ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የታካሚ መረጃ የሚጠፋ ከሆነ፣ «ካልሰማሁ እጠብቃለሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ሌላው ወገን ጉዳዩ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ማስታወሻው ጽሑፍ መሆኑ ሌላም ጥቅም ነበረው። ባሕር ዳር ያለው ልጅ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፤ በስልክ ዳታ የቪዲዮ ስብሰባ አይሞከርም፣ አምስት መስመር ግን ያልፋል።

የስብሰባው ምት

የየቀኑን ስብሰባ አስቀርተን ሁለት አደረግነው። ሰኞ 45 ደቂቃ የሳምንቱን ሥራ ለመከፋፈል፣ ሐሙስ 30 ደቂቃ በጽሑፍ አልፈታ ያለውን ለመነጋገር። ዓርብን የተውነው የጁምዓ ሰላት ያላቸው ባልደረቦች ስላሉን ነው። ሁለቱም 17:00 አዲስ አበባ ላይ ይጀመራሉ። ይህ በብርዱ ወራት ሜሪላንድ 09:00፣ በርሊን 15:00 ነው፤ በሙቀቱ ወራት 10:00 እና 16:00። መልሕቁን አዲስ አበባ ላይ የጣልነው ከሦስቱ አገሮች ሰዓቷን የማታዞረው ኢትዮጵያ ብቻ ስለሆነች ነው።

የመነጋገሪያ ነጥቦች በዚያው ቀን እስከ 12:00 አዲስ አበባ ድረስ በጋራ ሰነድ ላይ ይጻፋሉ። ሰነዱ ባዶ ከሆነ ስብሰባው ይሰረዛል። ሐሙስ በአማካይ በወር አንዴ ይሰረዛል፤ ሰዉም ይህን እንደ ትንሽ በዓል ይቆጥረዋል። ስብሰባው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሰባት ደቂቃዎች ሁላችንም ዝም ብለን ሰነዱን እናነባለን። ዝምታው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተለመደ። ውሳኔውን በሰነዱ ላይ የሚጽፈው ሰው በየሳምንቱ ይቀያየራል።

ከዚያ መጋቢት መጣ። በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ሰዓቷን ያዞረችው እሑድ መጋቢት 1 ነው። በማግስቱ ሰኞ ስብሰባው ላይ የተገኙት ሁለቱ ሜሪላንዶችና የበርሊኑ ልጅ ብቻ ነበሩ። እኛ 17:00 ላይ ስንገባ ጨርሰው ወጥተዋል። ደንቡ ላይ «17:00 አዲስ አበባ» ብለን ጽፈን ነበር፤ ካላንደሩ ላይ ቀጠሮውን ያስገባችው ግን የሜሪላንዷ ልጅ ስለነበረች ቀጠሮው የታሰረው በሜሪላንድ ሰዓት፣ በ`America/New_York`፣ ነበር። ሰዓቱ ሲዞር ቀጠሮው ከሜሪላንድ 09:00 ጋር አብሮ ሄዶ እኛ ስልክ ላይ 16:00 ሆነ። አራታችን ከልማድ የተነሣ ስልካችንን እንኳ አላየንም፤ ሁለቱ ደግሞ አይተው ስህተት መሰላቸው። ቀጠሮውን ሰርዘን በ`Africa/Addis_Ababa` እንደገና ፈጠርነው። አውሮፓ ደግሞ ሰዓቷን ያዞረችው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 22 ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በበርሊንና በሜሪላንድ መካከል ያለው ልዩነት ከወትሮው 6 ወደ 5 ሰዓት ወርዶ ነበር፤ የበርሊኑ ልጅ ከጋሼ ጋር በግሉ የያዘው ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተምታታ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካና አውሮፓ ሰዓት የሚያዞሩባቸውን የዓመቱን አራት ቀኖች ከበዓላት ጋር አንድ ላይ በካላንደሩ እናስገባለን።

ያልሠራው

ስብሰባውን ካስቀረን በኋላ ሁሉም ሰው በየጠዋቱ «ትናንት የሠራሁት፣ ዛሬ የምሠራው» ብሎ እንዲጽፍ አድርገን ነበር። በአምስተኛው ሳምንት «የትናንቱን እየቀጠልኩ ነው» የሚል መስመር ብቻ ይደረደር ጀመር። ማንም እንደማያነበው ለማረጋገጥ አንድ ቀን «ዛሬ ሙሉ ቀን ሽሮ እያበሰልኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ያስተዋለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ርክክቡ ስለነበረ ይህን ሰረዝነው።

ለፍትሐዊነት ብለን የሰኞውን ስብሰባ አንድ ሳምንት ለእኛ፣ አንድ ሳምንት ለሜሪላንድ በሚመች ሰዓት እያቀያየርን ለማካሄድም ሞክረን ነበር። ወር አልቆየም። ሰው ተራው የማን እንደሆነ ይረሳል፤ ያልተመቸ ነገር ግን ቋሚ የሆነ ሰዓት ከተመቸና ከሚለዋወጥ ሰዓት ተሻለን።

ቋንቋው ግን ግማሽ ብቻ ነው የተፈታው። የሜሪላንዷ ልጅ ፊደል ስለማታነብ ሁሉንም በእንግሊዝኛ እንጻፍ ብለን ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ማስታወሻ ወዲያው አጠረ፤ ጥርጣሬያቸውን መጻፍ አቆሙ፤ «ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው ስሜት በእንግሊዝኛ ሲሆን ይጠፋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ድምፅ መልእክት ሸሸ። የድምፅ መልእክት ሞቅ ያለ ነው፣ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፣ ባሕር ዳርም አይወርድም። አሁን የያዝነው መንገድ ይህ ነው፦ ውሳኔዎች በአጭር እንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ርክክቡ ጸሐፊው በመረጠው ቋንቋ ነው፤ ርክክቡ እሷን የሚመለከት ከሆነ ጸሐፊው አማርኛውን ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ድምፅ አንብቦ ያያይዝላታል። ትርፍ ሥራ ነው። አንዳንዱ ይረሳል፣ እሷም እየጠየቀች ታገኛለች።

ውጤቱ

በሰኔ 2016 ያንኑ የሁለት ሳምንት ቆጠራ ደገምኩ። ከ38 ጥያቄዎች ከአንድ ቀን በላይ የወሰዱት 9 ነበሩ፤ ከእነዚህም 5ቱ በእውነት ጊዜ የሚፈልጉ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ ሰዎች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚደወለው ስልክ በጥቅምት 11 ጊዜ ነበር፣ በሰኔ 2 ጊዜ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የቡድኑም ሥራ በሰኔ ቀለል ይል ስለነበር ሁሉንም ለደንቡ አልሰጥም።

የጥገና ሥራዎችን በተመለከተ ግን እርግጠኛ ነኝ። ከኅዳር በኋላ ሰባት ጊዜ ዳታቤዙን ከፍተን ሠርተናል። ከሰባቱ በሁለቱ፣ መልሶ የሚጻፈው መልእክት ላይ የተቀባዩ ሰዓት ከእኛ ጋር አልገጠመም። ሁለቱንም ጊዜ ስህተቱ የታየው ሥራው ሊጀመር አሥር ሰዓት ሲቀረው ነው። ደንቡ ስህተቱን አላስቀረውም፤ ቀድሞ እንዲታይ አደረገው።

ለሌላ ቡድን የሚተርፈው

በእኛ ሁኔታ ላይ ያለ ቡድን ቢያማክረኝ፣ ደንብ ከመጻፉ በፊት አንድ የቆየ መልእክት መርጦ ለሁሉም ለየብቻ እንዲያሳይና «ይህ በአንተ ከተማ መቼ ነው? ምን ልታደርግ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። መልሶቹ ከተለያዩ ደንቡ የት መጀመር እንዳለበት እነሱ ያሳያሉ፤ ሰዎቹም ደንቡ ለምን እንደመጣ ስለሚያዩ አይቃወሙትም።

ሁለተኛ፣ መልሶ የመጻፍ ደንብ ከላይ ካልተጀመረ አይሠራም። እኛ ዘንድ ታላቅን «ገባዎት?» ማለት ነውር ነው፤ ታላቁ ራሱ ቀድሞ ሲጽፍ ግን ነውሩ ይቀራል። ጋሼ ባይጀምሩት ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ይሞት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፣ የካላንደር ቀጠሮ በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደታሰረ ይታይ። የተስማማንበትና ማሽኑ የያዘው ለሦስት ወር ያህል ተለያይተው ኖረዋል፤ ልዩነቱ የታየው ሰዓት ሲዞር ብቻ ነው።

ወሰኑም ይታወቅ። ይህ ምት የሚሠራው የሥራ ሰዓታችን በመጠኑ ስለሚነካካ ነው። በቅርቡ ደንበኛው ካሊፎርኒያ ያለ አንድ ሰው እንድንጨምር ጠይቆናል። 17:00 አዲስ አበባ እዚያ 06:00 ወይም 07:00 ነው። ለእሱ የሐሙሱን ስብሰባ ትተን ርክክቡንና የሰኞውን ብቻ ለመያዝ ተነጋግረናል፤ ሰውየው ገና አልጀመረም።